መብራት ከጠፋ በኋላ ያሉት 40 ደቂቃዎች



የዛሬው ጉዳያችን በየቤታችሁ የሚያጋጥም ነው። ማታ ሳሎን ቁጭ ባልንበት መብራት ድርግም ይላል። በመጀመሪያው ቅጽበት የገዛ እጃችንን እንኳ አናየውም። ሻማና ክብሪት ፍለጋ ስንዳብስ ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ መስኮቱ ይለያል፣ ቀጥሎ የጠረጴዛው ጠርዝ ብቅ ይላል። ሻማው ካልተገኘና ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገሥን፣ በመስኮት በምትገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ወንበሩን ከተቀመጠበት ሰው መለየት እንጀምራለን። ወደ ክፍሉ የገባ አዲስ ብርሃን የለም፤ የተለወጠው ዓይናችን ነው። አንድ ነገር ግን ግማሽ ሰዓትም ብንጠብቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብንቀመጥም አይመለስም። ቀዩ ምንጣፍና አረንጓዴው መጋረጃ ቀለማቸው የለም፤ አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ነጣ ያለ ግራጫ ሆነው ይቀራሉ።

ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? ከለመደ በኋላስ ቀለም ለምን ይቀርበታል? ሁለቱም መልሶች ከአንድ ሥር ይበቅላሉ። በጨለማ የምናየው በቀን በምናይባቸው ሴሎች አይደለም። ሲመሽ አንዱ የማያ ሥርዓት ሥራውን ለሌላው ያስረክባል፤ ርክክቡ ጊዜ ይፈጃል፣ ተረካቢው ደግሞ ከመነሻው ቀለም የመለየት አቅም የለውም። የዛሬው ንግግሬ ይህንን ማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው «ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ለዚህ ነው የምንለምደው» ይላል። እውነትነት አለው፤ ግን ሒሳቡን እንሥራው። በጠራራ ፀሐይ የብሌኑ ቀዳዳ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጨለማ በአንድ ወጣት ዓይን ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ብርሃን የሚያስገባው ስፋቱ ስለሆነ፣ 7 ሲባዛ በ7 49 ነው፣ 2 ሲባዛ በ2 4 ነው፤ 49ን ለ4 ብናካፍል 12 እጥፍ ገደማ እናገኛለን። ብሌኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚያስገባልን ብርሃን ከቀኑ 12 እጥፍ ነው ማለት ነው፤ የመክፈቱን ሥራ ደግሞ አብዛኛውን በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሳል። ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ የማየት አቅሙ 100,000 እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል። ከ100,000 እጥፉ የብሌኑ ድርሻ 12 እጥፍ ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን ማን ሠራው? ደግሞስ ብሌኑ ሥራውን በሰከንዶች ከጨረሰ፣ የቀሩት 39 ደቂቃዎች ለምን አስፈለጉ? ስለዚህ ከብሌኑ አልፈን፣ ወደ ዓይን የኋላ ግድግዳ፣ ወደ ሬቲና መግባት አለብን።

ሬቲና ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች በእሱ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ኮን ይባላል፤ ሁለተኛው ቀጭን በትር ስለሚመስል ሮድ ይባላል። በአንድ ዓይን ውስጥ ኮኖቹ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ሮዶቹ 90 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ናቸው። ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውም ይለያያል። አንድን ነገር ትኩር ብለን ስናይ ምስሉ የሚያርፍበት የሬቲና ማዕከል ኮኖች ብቻ ታጭቀው የሚኖሩበት ነው፤ በመካከሉ ሮድ የሚባል አይገኝም። ሮዶች ከማዕከሉ ፈንጠር ብለው ይጀምሩና ከትኩረታችን ነጥብ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ በሚርቀው አካባቢ እጅግ ይበዛሉ።

ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ማክስ ሹልትሰ በ1866 የተለያዩ እንስሳትን ሬቲና በአጉሊ መነጽር ካወዳደረ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። እንደ ጉጉት ያሉ ሌሊት አዳኞች ሬቲናቸው በሮዶች የተሞላ ነው፤ በቀን የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ኮኖች ይበዙባቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ ኮኖች ለብርሃንና ለቀለም፣ ሮዶች ለጨለማ ናቸው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ብዙ ዝርዝር ቢጨምርለትም መሠረቱን አላናወጠውም።

እንግዲህ ሮዶች ቀን ቀን ምን ይሠራሉ? ምንም ያህል አይሠሩም። የቀን ብርሃን ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ጠግበው፣ ተዘግተው ይውላሉ። ምሽት ላይ ወደ ሥራ ለመመለስ ደግሞ አንድ ኬሚካዊ ጥገና ማለፍ አለባቸው። የመዘግየቱ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1876 ፍራንዝ ቦል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ሮም ላይ የእንቁራሪት ዓይን ያጠና ነበር። በጨለማ ከቆየች እንቁራሪት ሬቲናውን ሲያወጣው ቀልቶ አገኘው። ዓይኑ እያየ፣ በብርሃኑ ፊት ቀይነቱ ደበዘዘና ነጣ። የአገሩ ልጅ ቪልሄልም ኩነ ወዲያው ነገሩን ተከታተለ። ከሬቲናው ጀርባ የተለጠፈ ጥቁር የሴል ሽፋን አለ። ኩነ ሬቲናውን ከዚያ ሽፋን ነጥሎ ብርሃን ሲያሳየው ቀለሙ ይለቅና ነጥቶ ይቀራል። የነጣውን ሬቲና መልሶ ሽፋኑ ላይ ሲያስተኛውና በጨለማ ሲያቆየው ግን ቀይነቱ ይመለሳል። ብርሃን የሚያፈርሰውን የሚጠግነው ሬቲናው ብቻውን ሳይሆን ከጀርባው ካለው ጥቁር ሽፋን ጋር ተባብሮ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ያ ቀይ ነገር ዛሬ ሮዶፕሲን ይባላል። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ ሌላው በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ የተሸጎጠ፣ ሬቲናል የሚባል ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሬቲናል በጨለማ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን የምንለው፣ ሲመታው ቀጥ ይላል። ያ መቃናት ፕሮቲኑን ይቀሰቅሰዋል፤ ሮዱም «ብርሃን አገኘሁ» የሚል ምልክት ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሞለኪውል ለጊዜው ከጥቅም ውጭ ነው። የተቃናው ሬቲናል ከፕሮቲኑ ይላቀቃል፣ ከሮዱ ወጥቶ ወደ ጥቁሩ ሽፋን ይሻገራል፣ እዚያ በኢንዛይሞች ተጎንብሶ ይታደሳል፣ ተመልሶም ባዶውን ፕሮቲን ይሞላል። ይህ የደርሶ መልስ ጉዞ ጊዜ ይወስዳል። በደማቅ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ከፈረሰ ሮዶፕሲን ግማሹ እስኪታደስ 5 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ ከቀረው ግማሽ እንደገና ግማሹ እስኪታደስ ሌላ 5 ደቂቃ ይጠይቃል። ኮኖችም ተመሳሳይ ጥገና አላቸው፤ የእነሱ ግን ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ግማሽ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከሮዶፕሲኑ አሥር እጅ ዘጠኙ ከታደሰ፣ ሮዱ ከሙሉ አቅሙ አሥር እጅ ዘጠኙን ያያል ብለን ልንጠብቅ እንችላለን። እንዲያ አይደለም። ገና ያልታደሰችው አንድ እጅ ሮዱን በብዙ አሥር እጥፍ ታደክመዋለች። ምክንያቱ የፈረሱት ሞለኪውሎች ዝም ብለው አለመቀመጣቸው ነው፤ ተጠግነው እስኪያልቁ ድረስ ደካማ የውሸት ምልክት ይልካሉ፣ ሮዱም ብርሃን ያለ ይመስለዋል። ጨለማን የመልመድ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እጅግ የተጓተቱት የእነዚህ ቅሪቶች ምልክት እስኪጠፋ ስለሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሳሎናችን እንመለስና 40ውን ደቂቃ እንከተለው። ይህን ጉዞ በቤተ ሙከራ ለመለካት አንድን ሰው ለጥቂት ደቂቃ ደማቅ ነጭ ብርሃን ያሳዩታል፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍተው፣ በየደቂቃው ሊያያት የሚችላትን እጅግ ደካማ ብርሃን ይፈልጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች አቅሙ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ይህ የኮኖች ፍጥነት ነው። ከ5ኛው ደቂቃ በኋላ መሻሻሉ ይቆማል፤ ኮኖች የመጨረሻ አቅማቸው ላይ ደርሰዋል። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። ከዚያ፣ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ የምትታየውን ትንሿን ብርሃን መጠን የሚያሳየው የግራፉ መስመር ድንገት እጥፍ ብሎ እንደገና መውረድ ይጀምራል። እዚያ እጥፋት ላይ ሮዶች ኮኖችን ቀደሟቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ 30ኛውና 40ኛው ደቂቃ ሰውየው የሚያያት ብርሃን ኮኖች ከቆሙበት ከ1,000 እጥፍ በላይ የደከመች ትሆናለች።

ያንን እጥፋት አስታውሱልኝ። ከእጥፋቱ በፊት የምትታየው የሙከራ ብርሃን ቀለሟ ይለያል፤ አረንጓዴ ከሆነች አረንጓዴ ናት። ከእጥፋቱ በኋላ ግን ያቺው ብርሃን ትታያለች እንጂ ቀለም የላትም። ቀለም የጠፋው ብርሃኑ ስላነሰ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀስ በቀስ ይደበዝዝ ነበር። እዚህ ግን ተመልካቹ ሲቀየር ነው ቀለሙ የቀረው።

ሮዶች ቀለም የማይለዩት ለምንድን ነው? የቀለም ልዩነት ማለት የብርሃን የሞገድ ርዝመት ልዩነት ነው፤ ሰማያዊ ወደ 450 ናኖሜትር፣ አረንጓዴ ከ500 አለፍ ብሎ፣ ብርቱካናማ ወደ 600፣ ቀይ 650 አካባቢ። ሮዶፕሲን ይበልጥ የሚቀበለው 500 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። 600 ናኖሜትሩን ብርቱካናማም ይቀበላል፤ ሆኖም 30 እጥፍ ያህል ደካማ በሆነ አቀባበል። አሁን በአንድ በኩል 507 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን፣ በሌላ በኩል 30 እጥፍ ያየለ ብርቱካናማ ብርሃን አኑሩ። ሮዱ ከሁለቱም እኩል ፎቶን ይይዛል። አንድ ጊዜ ከተያዘ ደግሞ ፎቶኑ ከየት እንደመጣ የሚናገር ምንም ምልክት የለም፤ ሬቲናሉ ያው ቀጥ ይላል፣ ሮዱም ያንኑ መልእክት ይልካል። ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ብታነቡ፣ የተጫነው ጤፍ ይሁን ስንዴ ቁጥሩ አይነግራችሁም። ሮድም እንደዚያው ነው፤ የሚናገረው ምን ያህል እንደያዘ ብቻ ነው።

ይህ የሮድ ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ኮንም ለብቻው ቀለም አያውቅም። የኮኖች ጥቅም ሦስት ዓይነት መሆናቸው ነው፤ አንደኛው ዓይነት ለአጭር፣ ሁለተኛው ለመካከለኛ፣ ሦስተኛው ለረጅም ሞገድ ያደላል። ብርቱካናማ ብርሃን ሲመጣ ሦስተኛው ብዙ፣ ሁለተኛው ትንሽ፣ የመጀመሪያው ምንም ያህል አይዙም። አረንጓዴ ሲመጣ ድርሻቸው ይለወጣል። ብርሃኑ ቢያይልም ቢደክምም በመካከላቸው ያለው ጥምርታ ሳይለወጥ ይቆያል፤ ቀለም ብለን የምናየው ይህን ማነጻጸር ነው። ሮዶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። 90 ሚሊዮን ቢሆኑም የሚነጻጸሩበት ሁለተኛ ዓይነት የላቸውም።

ቀለም ከብርሃኑ ውስጥ እንዳልጠፋ የሚያሳይ ቀላል ማስረጃ አለ። የጨረቃ ብርሃን ከጨረቃ ላይ ነጥሮ የመጣ የፀሐይ ብርሃን ነው። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አቁሞ፣ ሌንሱን ለረጅም ሰከንዶች ከፍቶ መልክዓ ምድር ቢያነሣ፣ ሥዕሉ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ሣር ይዞ ይወጣል። ፎቶ አንሺው አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ሣር ግራጫ ሆኖ ያየዋል። ካሜራው ሦስቱን የቀለም መቀበያዎቹን ይዞ፣ በቂ ብርሃን እስኪጠራቀምለት ይጠብቃል። ዓይን ግን የአንድ ሰከንድን ክፍልፋይ ብቻ ነው የሚያጠራቅመው፤ ኮኖቹ በዚያች አጭር ጊዜ የሚበቃቸውን ፎቶን ስለማያገኙ ሥራውን ለሮዶች ይለቃሉ።

ርክክቡ የሚፈጸመው ደግሞ ምሽት ላይ፣ በዓይናችን ፊት ነው። ቼካዊው ሐኪም ያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪኜ በ1825 ባሳተመው ጽሑፍ ጎህ ሲቀድ ያየውን መዘገበ፤ ገና ድንግዝግዝ ሳለ ሰማያዊው ቀድሞ ጎልቶ ይታያል፣ በቀን ከሁሉ የሚደምቀው ቀይ ግን ከሁሉ ጠቁሮ ይቆያል። ምክንያቱን ዛሬ በቁጥር መናገር እንችላለን። ኮኖች ተደምረው ይበልጥ የሚያዩት 555 ናኖሜትር ላይ፣ ወደ ቢጫ ያዘነበለ አረንጓዴ ብርሃን ነው። ሮዶች ደግሞ 507 ላይ፣ ወደ ሰማያዊ የተጠጋ አረንጓዴ። ጉልበታቸው እኩል የሆነ 650 ናኖሜትር ቀይና 450 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን ብንወስድ፣ በቀን ቀዩ ከሰማያዊው 3 እጥፍ ገደማ ደምቆ ይታየናል። በሌሊት ግን ሰማያዊው ከቀዩ ከ600 እጥፍ በላይ ይደምቃል። ለሮዶች ጥልቅ ቀይ ማለት ከጥቁር ብዙም አይለይም።

ይህን ለማየት ደጃፋችሁ ላይ ያለ ቀይ ጽጌረዳ ይበቃል። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አበባው ከቅጠሉ ይልቅ ደምቆ ይጮኻል። ፀሐይ ጠልቃ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ትንሽ ቆይታችሁ መብራት ሳታበሩ ስታዩት፣ ቅጠሉ ነጣ ብሎ አበባው ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። በአገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ በአዲስ አበባ ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት ለመሥራት የሚበቃው ብርሃን የሚቆየው ወደ 20 ደቂቃ ነው። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ይኸው ለውጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጎተታል። እኛ ግን ቆመን ልንጨርሰው እንችላለን።

ሮዶች ቀለምን አጥተው ያተረፉት ምንድን ነው? የዚህን መልስ የሰጠ አንድ ሙከራ በዝርዝር ልንገራችሁ። በ1942 ሴሊግ ሄክት፣ ሳይመን ሽሌርና ሞሪስ ፒረን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሰው ዓይን ሊያይ የሚችላትን እጅግ ትንሿን ብርሃን ለመለካት ተነሡ። ተመልካቾቹ፣ ከእነሱም መካከል ራሳቸው ተመራማሪዎቹ፣ መጀመሪያ ከግማሽ ሰዓት በላይ በጨለማ ተቀመጡ። የሚያዩአት ብርሃን የምታርፈው ከትኩረቱ ነጥብ 20 ዲግሪ ርቆ፣ ሮዶች በሚበዙበት ሰፈር እንድትሆን አደረጉ። ቀለሟን 510 ናኖሜትር፣ ዕድሜዋን የሰከንድ አንድ ሺህኛ አደረጉት። ከዚያ ብርሃኗን እያጎሉና እያሳነሱ «አየሁ» ወይም «አላየሁም» የሚለውን መዘገቡ።

ተመልካቹ ከአሥር ጊዜ ስድስት ጊዜ ያህል «አየሁ» የሚለው ዓይኑ ፊት 100 ያህል ፎቶን ሲደርስ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ እንቁጠር። ከ100ው 4ቱ ከዓይን የፊት ገጽ ላይ ይነጥራሉ። ከቀሩት ግማሹን በመካከል ያለው ሌንስና ፈሳሽ ይበላዋል፤ 48 ገደማ ሬቲና ይደርሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ከአምስት አንዱ ብቻ በሮዶፕሲን ይያዛል። ውጤቱ 10 ገደማ ፎቶን ነው። እነዚህ 10 ፎቶኖች የተበተኑት 500 በሚያህሉ ሮዶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ሮድ ላይ የማረፋቸው ዕድል ጠባብ ነው። ድምዳሜያቸው ከዚህ መጣ፤ አንድን ሮድ ለመቀስቀስ አንድ ፎቶን ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ብርሃን በተፈጥሮ የለም። በ1979 ሌሎች ተመራማሪዎች ከጉርጥ ሬቲና አንዲት ሮድ ለይተው፣ የአንዲት ፎቶን ምልክት በኤሌክትሪክ ለኩት።

የዚህ ችሎታ ዋጋ ግን ቀለም ብቻ አይደለም። ተመልከቱ፣ አንድ ሮድ አንዳንዴ በሙቀት ብቻ፣ ብርሃን ሳይነካው ይቀሰቀሳል። አእምሮ በአንድ ሮድ ምልክት ብቻ ቢያምን ሌሊቱን ሙሉ የሌለ ብርሃን ያይ ነበር። ስለዚህ የብዙ ሮዶች ምልክት ወደ አንድ ነርቭ ተጠቃሎ ይገባል፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ነው የሚታመኑት። መጠቃለሉ የብርሃኑን መኖር ያረጋግጣል፤ ከየትኛው ሮድ እንደመጣ ግን ይሰወራል። በጨለማ ሰው መሆኑን ለይተን ፊቱን የማንለየው፣ ጋዜጣ መሆኑን አውቀን ፊደሉን የማናነበው ለዚህ ነው።

ሮድ የሌለበት የትኩረት ማዕከልም በጨለማ እውር ይሆናል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ደካማ ኮከብ ፈልጉ፤ ትክ ብላችሁ ስታዩት ይጠፋል፣ ጎኑን ስታዩ ተመልሶ ብቅ ይላል። በቴሌስኮፕ የሚሠሩ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ይህን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ማታ የሚሄድ ሰውም መንገዱ ላይ የጠረጠረውን ነገር ከማፍጠጥ ይልቅ ገሸሽ አድርጎ ቢያየው ይሻለዋል።

የ40 ደቂቃው ጥገና በአንድ ደማቅ ብርሃን ሊበላሽ እንደሚችል አሁን ግልጽ ነው። መከላከያው ደግሞ ከተነጋገርነው ይወጣል። ሮዶች ጥልቅ ቀይን ስለማያዩ ቀይ ብርሃን ሮዶፕሲናቸውን ምንም ያህል አያፈርሰውም፤ ኮኖች ግን በእሱ ያነባሉ። የድሮ የራጅ ሐኪሞች በሽተኛውን በደካማ አብረቅራቂ ሰሌዳ ላይ ስለሚያዩ፣ ከሥራ በፊት 20ና 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። በ1916 ጀርመናዊው ቪልሄልም ትሬንደለንቡርግ ቀይ መነጽር አድርገው በብርሃን ውስጥ ሌላ ሥራቸውን እየሠሩ እንዲጠብቁ ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላም የሌሊት አብራሪዎች ተጠቀሙበት። ቤት ውስጥ ከዚህም ይቀላል። ሌሊት ለመነሣት መብራት ስታበሩ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኑ፤ መብራቱን አጥፍታችሁ ስትገልጡት ያ ዓይን ጨለማውን ሳይረሳው ታገኙታላችሁ። ጥገናው በእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ስለሚካሄድ ነው።

የመጨረሻው ጉዳዬ ጥገናው ሲሳነው የሚሆነው ነው። ሬቲናል የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው ብያለሁ፤ ቫይታሚኑ ሬቲና ውስጥ መኖሩን በ1933 ያገኘው አሜሪካዊው ጆርጅ ዋልድ ሲሆን፣ በዓይን ኬሚስትሪ ሥራው በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ቫይታሚኑ በደም ውስጥ ሲያንስ ፕሮቲኑ የሚሞላው አጥቶ ባዶውን ይቀመጣል። ሕመሙን ሁላችን በስሙ እናውቀዋለን፤ ዳፍንት ነው። ቀን በኮኖቹ ደህና የሚያይ ልጅ አመሻሽ ላይ ይደናበራል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፣ ፊቱ የቀረበለትን ምግብ በእጁ ይዳብሳል፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እናት ልትጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ታያለህ?» የሚል አይደለም፤ ሌሎች ልጆች በሚያዩበት ምሽት እሱ ብቻ ይቸግረዋል ወይ ብላ ማስተዋል አለባት። አንዳንዴ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ፣ በጎን በኩል፣ አረፋ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ ምልክት ካለ ጊዜ አይሰጥም፤ እጦቱ ከበረታ የዓይኑ የፊት ገጽ ይደርቅና ይቆስላል፣ ያኔ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ከኩፍኝ በኋላ አደጋው ይብሳል።

በጊዜው ከተደረሰበት ግን ከሕክምናዎች ሁሉ ፈጣን ውጤት ከሚያሳዩት አንዱ ነው፤ በጤና ተቋም የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ የወሰደ ልጅ ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ማታ ማየት ይጀምራል። ባዶውን የተቀመጠው ፕሮቲን ሬቲናሉን እንዳገኘ ሥራውን ይቀጥላልና። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው ጠብታም ጉበት ውስጥ ተጠራቅሞ ለወራት እንዲበቃ የታሰበ ነው። ከምግብ ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ቫይታሚኑን ራሱን ይሰጣሉ፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ማንጎና ብርቱካናማው ስኳር ድንች ደግሞ ሰውነት የሚለውጠውን ጥሬ ዕቃ ይሰጣሉ፤ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ሲነካቸው ይበልጥ ይዋሃዳሉ። ብዙ መጠን ፅንስን ስለሚጎዳ እርጉዝ ሴት ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ክኒኑን መውሰድ የለባትም።

በደንብ እየበላ፣ ማታ ማየቱ ከዓመት ዓመት የሚቀንስ ወጣት ወይም ጎልማሳ ካለ ግን ቫይታሚን መግዛት መልስ አይሆንም። ሮዶቹ ራሳቸው የሚሞቱበት በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ መጀመሪያ ማታ ይቸግራል፣ ቀጥሎ የጎን እይታ እየጠበበ ይሄዳል። በዕድሜ ለገፉት ደግሞ ሞራ ብርሃኑን አስቀድሞ ስለሚጋርደው ሊሆን ይችላል። ሦስቱን የሚለየው የዓይን ሐኪም ነው፤ ለሐኪሙ የሚጠቅመው መረጃም ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ በሁለቱም ዓይን መሆኑ፣ ከቤተሰብ ሌላ ሰው ያለበት መሆኑና ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ለመልመድ ከሌሎች ይልቅ ምን ያህል እንደሚዘገይ ነው። የመጨረሻውን እናንተም ቤታችሁ ልትመዝኑት ትችላላችሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ከመካከላችሁ መስኮቱንና ወንበሩን ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ እንደሚያይ ተጠያየቁ።